ለአክስት ልጅ «አላበድርህም» ብሎ መጻፍ

«የአክስቴ ልጅ ገንዘብ እንዳበድረው ጽፎልኛል። ሳላስቀይመው እንዴት እምቢ ልበል?»

እምቢታውን ከላይ አስቀምጠው፤ ምክንያቱ ከዚያ ይከተል። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦

«ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። የጠየቅኸኝን ገንዘብ ላበድርህ አልችልም። የቤቱ ብድር በየወሩ ከደመወዜ ላይ ይቆረጣል፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም ደርሷል። የሚተርፈው ለቀለብ ብቻ ነው። ስለጠየቅኸኝ አልተከፋሁም፤ እሑድ እደውልልሃለሁ።»

ዕዳህን በስሙ ጥራው እንጂ መጠኑን አትጻፍ፤ አሃዝ ካየ ሒሳቡን አብሮህ መሥራት ይጀምራል።

«ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ግን ተጠንቀቃት። እኔ «ለጊዜው አልተመቸኝም» ብዬ ጽፌ፣ የአጎቴ ልጅ በሦስተኛው ወር «አሁንስ ተመቸህ?» ብሎ መጣ። ሁለተኛው እምቢታ ከመጀመሪያው ይልቅ አስቀየመው።