በሮቶ ብራሽ የነጠላ ጠርዝ ሲንቀጠቀጥ

«ነጠላ የለበሰች ሴት ስትራመድ ከበስተጀርባዋ ለመለየት የአፍተር ኢፌክትስን ሮቶ ብራሽ ስጠቀም ጠርዙ ይንቀጠቀጣል፣ ነጠላውም ከግድግዳው ጋር ይዋሃድብኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?»

ባለፈው ጥር ሱሉልታ በቀረጽነው ሠርግ ላይ የሙሽራዋ እናት በኖራ በተቀባ ግድግዳ አጠገብ ሲያልፉ ነፋሱ ነጠላቸውን ያርገበግበው ነበር። ቀረጻው 6 ሰከንድ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሆነ በጠቅላላው 150 ፍሬም መሥራት ነበረብኝ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት ሥራውን ከመጀመሪያው ፍሬም በመጀመሬ ነው። በዚያ ፍሬም ላይ ቀኝ እጃቸው በነጠላው ተሸፍኖ ስለነበር፣ እጁ ብቅ ሲል መሣሪያው የበስተጀርባው ክፍል አድርጎ ይተወው ነበር። ሁሉንም ሰርዤ፣ መላ ሰውነታቸው በግልጽ ከሚታይበት ከ60ኛው ፍሬም ስጀምር አብዛኛው ችግር ተቃለለ። እርማት የሚተላለፈው ከመነሻው ፍሬም ወደ ውጭ ብቻ መሆኑንም ልብ ይበሉ። 110ኛውን አስተካክለው ወደ 80ኛው ቢመለሱ፣ የ80ኛው እርማት ወደፊት ተላልፎ የ110ኛውን ጠርዝ እንደገና ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ ከመነሻው አንድ አንድ ፍሬም እየሄዱ፣ ስህተቱ መጀመሪያ በታየበት ፍሬም ላይ ቆመው ያርሙ።

ነጩ ነጠላ ከነጩ ግድግዳ ጋር የሚዋሃደው መሣሪያው ልዩነት ስለማያገኝ ነው። እኔ ሌየሩን አባዝቼ፣ በአንዱ ላይ በከርቭስ ንፅፅሩን እጅግ አጋንኜ፣ የጨርቁ እጥፋትና የጥለቱ ቀለም ከኖራው ተለይተው እስኪታዩ ድረስ ካጠቆርኩት በኋላ ፕሪኮምፖዝ አደረግሁት። ሮቶ ብራሹን የሠራሁት በዚህ ቅጂ ላይ ሲሆን፣ ውጤቱን ለዋናው ሌየር አልፋ ማት አድርጌ ሰጠሁት፤ የዋናው ቀለም አልተነካም።

ለመንቀጥቀጡ Reduce Chatter ይረዳል፤ ነገር ግን ከፍ ባደረጉት ቁጥር የነጠላው ዘርፍ እየደበዘዘ ይጠፋል። ስለዚህ ዋጋውን ዝቅ አድርገው ይተዉትና በዘርፉ ላይ ብቻ በ Refine Edge ያስምሩ። ከሥር ደማቅ ቀይ ሶሊድ አስቀምጠው በ100% እይታ ቢያጫውቱት፣ በተለመደው በስተጀርባ ላይ የማይታይ ጉድለት ሁሉ ይገለጣል። ሲጨርሱ Freeze ይጫኑና ፕሮጀክቱን ያስቀምጡ፤ በእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ከኮምፒዩተሩ ጋር የተሰላውም ይጠፋ ስለነበር ይህን ሳላደርግ አልነሣም።

አንድ ነገር ግን አልተሳካልኝም። ነጠላ ስስ ስለሆነ የኖራው ንጣት በክሩ መካከል አልፎ ይታያል፤ ይህ ንጣት ደግሞ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይቆረጣል። በስተጀርባውን ወደ ምሽት ስቀይረው ነጠላው አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። በመጨረሻ በጠዋት ብርሃን የተነሣ የእንጦጦ ተዳፋትን ከኋላ ሳስገባ ነው ጠርዙ አሳማኝ ሆኖ የተቀመጠው።