«ይችላል» እና «አይቻልም»፦ መመሪያ መቼ ነው የሚያስረው?

«ጋሼ፣ ጅማ ሂርማታ ሱቅ አለኝ። የጊዜ ማራዘሚያ ብጠይቅ ‹መመሪያችን ከ30 ቀን በላይ አይፈቅድም› አሉኝ፣ ደንቡ ግን ‹ኃላፊው ሊያራዝም ይችላል› ነው የሚለው። ‹ይችላል› ትርጉሙ ምንድነው?»

እዚህ ጋ ‹ይችላል› አቅም አለው ማለት አይደለም፣ ምርጫው የሱ ነው ማለት ነው። በሕግ አማርኛ ግዴታ ሲሆን ቀጥታ ‹ያራዝማል› ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ‹ሊያራዝም ይችላል› ከተባለ ግን ላያራዝምም ይችላል፣ ስለዚህ እንዲያራዝምልህ የማስገደድ መብት የለህም፣ ያለህ መብት ጉዳይህን አይቶ እንዲመርጥ ነው። የውስጥ ወረቀት ‹ከ30 ቀን በላይ በፍጹም› ካለና ኃላፊው እሱን ብቻ አይቶ ከመለሰህ፣ ሕጉ የሰጠውን ምርጫ ወረቀቱ በላው ማለት ነው።

ችግሩ ‹መመሪያ› የሚለው ቃል ለሁለት ነገር መዋሉ ነው። አንደኛው ከአዋጅና ከደንብ በታች ያለው፣ በሕግ ውክልና የሚወጣው ነው፣ እሱ ራሱ ሕግ ስለሆነ ኃላፊውን ያስራል (ለፌደራል መሥሪያ ቤቶች አወጣጡን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው፣ የክልል ቢሮ ከሆነ የክልሉን ሕግ እይ)። ሁለተኛው ቢሮው ለራሱ ሥራ የጻፈው ሰርኩላር ወይ ማኑዋል ምናምን ነው፣ ሰው ጋይድላይን የሚለው። ቃሉ ‹መራ› ከሚለው ነው የመጣው፣ ይሄኛው እውነትም መምራት ብቻ ነው ያለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ጠይቃቸው።

ጋይድላይን ማውጣቱ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ እንዲያውም ሁለት ባለጉዳይ እኩል እንዲስተናገድ ይረዳል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. የ1966 የኢንዱስትሪ ልማት ሕግ ሚኒስቴሩ ለማሽን መግዣ ድጎማ መስጠት ‹ይችላል› ይላል፣ መሥሪያ ቤቱ ግን እያንዳንዱ ዕቃ ከ25 ፓውንድ በታች ከሆነ አንሰጥም የሚል ፖሊሲ ነበረው። ብሪቲሽ ኦክስጅን የሚባለው ካምፓኒ የጋዝ ሲሊንደር ይገዛል፣ አንዱ 20 ፓውንድ ገደማ ነው፣ ድምሩ ግን ከ4 ሚሊዮን በላይ! ተከለከለ፣ ከሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ያኔ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ፈረደበት። ፖሊሲ መያዝ ይቻላል፣ አዲስ ነገር ይዞ ለሚመጣ ሰው ጆሮ መድፈን ግን አይቻልም ነው ያሉት፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ካምፓኒውን በደንብ ሰምቶት ነበር። ማለት መሰማት ማሸነፍ አይደለም።

የተጻፈልህን መልስ እየው። ‹በመመሪያው መሠረት አይቻልም› ብቻ ከሆነ ምክንያትህን ማንም አላየውም ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ‹ታመው ሆስፒታል መተኛትዎን ከማስረጃው አይተናል፣ ሆኖም ከወጡ 2 ወር ስላለፈ ከመመሪያው የሚያስወጣ አላገኘነውም› ካለ ግን ባይጥምህም ታይቷል። አንተም ማመልከቻህ ላይ ‹ትብብር እንዲደረግልኝ› ብለህ አትተወው፣ እሱ ልመና ነው፤ ‹የኔን ጉዳይ ከሌላው የሚለየው ይሄ ይሄ ስለሆነ፣ ደንቡ በሰጣችሁ ሥልጣን ለብቻው ታይቶ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ› በል።