ድምሩ ለምን ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም?

«ሰላም ለሁላችሁ። የማኅበራችን የድሮ የቡና ርክክብ ሠንጠረዥ ስካን ተደርጎ እጄ ላይ አለ። በኦሲአር አንብቤ ኤክሴል ውስጥ ከተትኩት። ድምሩ ግን ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አልገጥም አለኝ፤ አማካዩንም ማመን አቃተኝ። ስህተቱን እንዴት ላግኘው?»

ሰላም። እኔም የማኅበራት የሂሳብ ወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማስገባት የዘወትር ሥራዬ ነው። ጥሩነቱ፣ የእርስዎ ወረቀት ታች የተጻፈ ድምር አለው። እሱ ትልቅ መፈተሻ ነው፤ ኤክሴል ውስጥ ሲገባ አይሰረዝ፤ ከመረጃው ግን አንድ ባዶ መስመር ተለይቶ ይቀመጥ። ከተቀላቀለ አማካዩ ውስጥ ይገባና ቁጥሩን ያበላሸዋል።

ንባቡን ከመጀመሪያው ማስተካከል ሥራውን ያቀልላል። ገጹ በ300 ዲፒአይ ስካን ይደረግ፣ ካዘመመ ይቃና። ቴሰራክት ለሚጠቀም ሰው ትእዛዙ ይኸው፦

```
tesseract page.png out -l amh+eng --psm 6 tsv
```

የሚወጣው ፋይል `conf` የሚል ዓምድ አለው። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ቃል ላይ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ያሳያል። ዝቅ ያለውን ቀድሞ ማየት ይጠቅማል። ከፍ ያለው ሁሉ ልክ ነው ማለት ግን አይደለም፤ 8ን 3 ብሎ ሙሉ በሙሉ ተማምኖ ሊጽፍ ይችላል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ዓምዶቹ ተራ ቁጥር፣ ኪሎ፣ የአንድ ኪሎ ዋጋ እና ጠቅላላ ብር ናቸው። ከንባቡ የወጣው ይህ ነው እንበል፦

```
1    120   32   3,340
2    8S    32   2,720
3    143   35   5,005
4    60    35   2,100
5    97    30   2,910
6    110   32   3,520
ድምር  615        20,095
```

መረጃው ከሁለተኛው መስመር ይጀምራል እንበል፤ ኪሎው `B2:B7` ላይ ነው። `SUM` 530 ይሰጣል፣ ወረቀቱ 615 ይላል። ልዩነቱ 85 ነው። ምክንያቱ `8S` ነው፤ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ያየዋል፣ `SUM` ደግሞ ጽሑፍን ምንም ሳይል ይዘለዋል። የአማካዩ ነገር የባሰ ነው። `AVERAGE` ለ6 ሳይሆን ለ5 አካፍሎ 106 ይላል። ትክክለኛው 102.5 ነው። ድምሩ ቀንሶ አማካዩ ጨመረ ማለት ነው። ወረቀት ላይ አማካይ ስለማይጻፍ ይህን የሚይዝልዎት የለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ያስሉ፦

```
=COUNT(B2:B7)
```

6 መሆን ሲገባው 5 ካለ፣ አንድ ሕዋስ ቁጥር አይደለም። ባዶ ሕዋስም አይቆጠርም። ወረቀቱ ላይ ሰረዝ ካለ ዜሮ ነው ወይስ «አላስረከበም» የሚለውን አስቀድመው ይወስኑ፤ አካፋዩ የሚለወጠው በዚህ ነው።

የብሩ ዓምድ ሁሉም ቁጥር ነው፣ ድምሩ ግን 19,595 ሆነ። 500 ጎደለ። እንዲህ ያለ ድፍን ልዩነት ብዙ ጊዜ የአንድ አኃዝ ስህተት ነው። 5 በመቶዎች ቤት ከሆነ 8 ወደ 3 ተቀይሮ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ ደግሞ አኃዞች ተለዋውጠው ወይም መጨረሻ ላይ ያለ ዜሮ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ 3,520 «352» ተብሎ ቢነበብ ልዩነቱ 3,168 ነው፤ ለ9 ሲካፈል 352 ራሱ ይመጣል።

የትኛው መስመር እንደሆነ ለማወቅ ግን ወደ ጎን ማባዛት ይሻላል። ባዶ ዓምድ ላይ ይህን ጽፈው ወደ ታች ይሳቡት፦

```
=IF(ROUND(B2*C2-D2,2)=0,"","X")
```

የመጀመሪያው መስመር `X` ያወጣል፤ 120 በ32 ሲባዛ 3,840 እንጂ 3,340 አይደለም። `8S` ያለበት ደግሞ `#VALUE!` ይላል። ይህን ፍተሻ ከታችኛው ድምር የበለጠ የማምነው፣ ሁለት ስህተቶች እርስ በርስ ተጣፍተው ድምሩ ሊገጥም ስለሚችል ነው። አንዱ መስመር 500 ጨምሮ ሌላው 500 ቢቀንስ ታች ምንም አይታይም።

አንድ ነገር አደራ። ስሌቱ የት ማየት እንዳለብዎት ይጠቁማል እንጂ አያርምም። ማረም ያለብዎት የስካኑን ምስል አጉልተው፣ ያዩትን ጽፈው ነው። 3,340 ስህተት ሆኖ ቢገኝም፣ ጥፋቱ ከኪሎው ወይም ከዋጋው ሊሆን ይችል ነበር። `S`ን በ5 ሲተኩም የቁጥር ዓምዱን ብቻ መርጠው ያድርጉት።

ሁሉም መስመር ገጥሞ ታችኛው ድምር አሁንም ካልገጠመ፣ የድምር መስመሩን ራሱን ምስሉ ላይ ይዩት። እሱም በትክክል ከተነበበ፣ መስመር አለመዘለሉን ተራ ቁጥሩን ቆጥረው ያረጋግጡ። እሱም ከተሟላ፣ ያኔ የደመረው ሰው ተሳስቷል ማለት ነው። የወረቀቱን ቁጥር እንዳለ ይተዉትና አጠገቡ የእርስዎን ድምር ከነማስታወሻው ይጻፉ።