ለዘገየ የመልስ ልብስ የይቅርታ ቪዲዮ፦ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዚህ ግሩፕ። ሽሮ ሜዳ ትንሽ የሀገር ባህል ልብስ ሱቅ አለኝ። ጥቅምት 10 ለነበረ መልስ ስድስት ልብስ ታዘን ጥቅምት 19 አስረከብን። ሸማኔዎቻችን ለመስቀል ሀገር ቤት ገብተው ዘግይተውብን ነው። ደንበኛዋ ቲክቶክ ላይ አወጣችው፤ ሰው እየሰደበን ነው። የይቅርታ ቪዲዮ ልሠራ "ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን" ብዬ ጀምሬያለሁ። ይሄ ይበቃል? ምን ልበል?»

እህቴ፣ አይበቃም። ካሜራ ከመክፈትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደንበኛዋ ጋ ደውለሻል? ቴክስት ማለቴ አይደለም፤ ድምፅሽን ሰምታለች ወይ?

ለትናንሽ ሱቆች ቪዲዮ መቅረጽ ሥራዬ ነው። አብዛኞቹ ልብስ ቤቶችና ኬክ ቤቶች ናቸው። የይቅርታ ቪዲዮም አብሬያቸው ጽፌያለሁ። ሲበላሽ ያየሁት ሁሌ በአንድ መንገድ ነው። ባለሱቁ ቆንጆ ቪዲዮ ይለቃል፤ ሰውም «ጎሽ፣ ይቅርታ መጠየቅ ትልቅነት ነው» ማለት ይጀምራል። ከዚያ ደንበኛዋ ራሷ ትገባና «ለእናንተ ነው ይቅርታ የጠየቀው፣ እኔ ጋ እስካሁን አልደወለም» ብላ ትጽፋለች። ከዚያች ኮሜንት በኋላ ቪዲዮው ይቅርታ መሆኑ ቀርቶ ማስታወቂያ ሆኖ ይታያል። ማጥፋቱም አያዋጣም፤ ሰው ስክሪን ሪከርድ አድርጎ ይዞታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ደውዪ። ስትደውዪ አታስረጂ፣ ስሚያት። ከዚያ ልብሱን መልሳ ሙሉ ገንዘቧን መውሰድ ትፈልግ እንደሆነ፣ ወይስ ልብሱን ይዛ ዋጋው እንዲቀነስላት ትመርጥ እንደሆነ ጠይቂያት። ምርጫው የሷ ይሁን። ገንዘቡን በዚያው ቀን አስገቢላት። በመጨረሻም ቪዲዮ ልትሠሪ እንዳሰብሽ ንገሪያትና የትኛው ዝርዝር እንዲወጣ እንደማትፈልግ ጠይቂያት። ስሟ፣ ፎቶዋ፣ የተጻጻፋችሁት፣ የባንክ ደረሰኙ በፍጹም አይውጣ። እሷ ራሷ አውጥታው ቢሆንም አንቺ አታውጪው።

ገንዘብን ካነሳን አይቀር፣ ቀብዷን መመለስሽን ቪዲዮው ላይ እንደ ስጦታ እንዳታቀርቢው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን እንደሚመልስ ተጽፏል። ያንቺ ጉዳይ መዘግየት ነው፤ ሕጉ ያንን እንዴት እንደሚያየው እኔ አላውቅም። ቢሆንም «እጥፍ ነው የሚመለሰው» የሚል ሰው ኮሜንት ላይ አይጠፋም። «መልሰናል» ብለሽ እለፊ። በቃ።

አሁን ወደ ጽሑፍሽ እንምጣ። «ከአቅም በላይ» እና «ለተፈጠረው መጉላላት» የሚሉትን ሰው መብራት ሲጠፋና ውኃ ሲቋረጥ ሲሰማቸው የኖረ ነው። ማን እንዳጠፋ አይናገሩም። ማን እንደተጎዳም አይናገሩም። ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሲመጡ ሰው ለምዷቸዋል፤ ልክሽን ወስጄ ልስፋልሽ ካለች የሱቅ ባለቤት ሲመጡ ግን ያናድዳሉ።

የሸማኔዎቹ ምክንያትም አያድንሽም። ሽሮ ሜዳ የሚሠራ ሰው ሁሉ ብዙዎቹ ሸማኔዎች የጋሞ ልጆች እንደሆኑና ለመስቀል ሀገር ቤት እንደሚገቡ ያውቃል። መስቀል መስከረም 17 ነው፤ ቀኑ በየዓመቱ አይለዋወጥም። ደንበኛ ይህን ላታውቅ ትችላለች፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ «ሸማኔዎቹ ዘገዩብን» ካልሽ ነገሩ የሚገባው ሰው «ታዲያ ለምን ተቀበልሽ?» ይላል። እውነቱን ነው። ደግሞም ዓመቱን ሙሉ ሽመና ቤት ተቀምጦ ጥለት ሲያስገባ የከረመ ሰው በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ስላሳለፈ በአደባባይ መወቀስ የለበትም። ጠዋት እሱም ሥራውን ሊቀጥል ይመጣል፤ ቪዲዮውን አይቶት ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጥያቄሽ ውስጥ ያልጻፍሽው ነገር ነው። ከመስቀል በኋላ እስከ ጥቅምት 10 ድረስ ደንበኛዋ ስትደውል ምን ትያት ነበር? ብዙ ሱቅ ውስጥ የሚባለውን አውቀዋለሁ። «ጥልፉ ብቻ ነው የቀረው።» «ስፌት ቤት ገብቷል።» «ነገ ከሰዓት ብቅ በይ።» ልብሱ ገና ሽመና ላይ እያለ ማለት ነው። ቢያንስ ሳምንት ሲቀራት እውነቱን ብትሰማ ኖሮ ተዘጋጅቶ የተሰቀለ ልብስ እዚያው ሽሮ ሜዳ ዞራ ትገዛ ነበር፣ ወይም ትከራይ ነበር። ምርጫ ያሳጣት መዘግየቱ ብቻ አይደለም፤ ያ «ነገ» ነው። አንቺም እንዲህ ብለሻት ከሆነ የቪዲዮሽ መሃል ላይ መቀመጥ ያለበት ይሄ ነው። ይህን ሳትናገሪ ስለ መዘግየቱ ብቻ ይቅርታ ከጠየቅሽ፣ እሷን የቆጠቆጣትን ሳትነኪ አለፍሽ።

እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው። በመካከል ያሉት ቀኖች የኔ ግምት ናቸው፤ በትክክለኛው ተኪያቸው። ያልሆነ ነገር ካለም አውጪው።

«እኔ የዚህ ሱቅ ባለቤት ነኝ። አንዲት ደንበኛችን ለቤተሰባቸው መልስ ስድስት የሀገር ባህል ልብስ አዘዙን። ቀብድ ተቀብለን ለጥቅምት 8 ቀጠሮ ሰጠን። ያስረከብነው ጥቅምት 19 ነው፤ መልሱ ካለፈ በኋላ።

ሸማኔዎቻችን ለመስቀል ሀገራቸው እንደሚገቡ እናውቃለን። ይህን እያወቅሁ ትዕዛዙን የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በቀጠሮው እንደማይደርስ ከጥቅምት 2 ጀምሮ አውቄ ነበር። አልነገርኳቸውም። ሲደውሉ "ነገ" እያልኩ መለስኳቸው። ያኔ እውነቱን ብነግራቸው ሌላ ልብስ መፈለግ ይችሉ ነበር።

እህቴ፣ እርስዎንም ቤተሰብዎንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። በስልክ እንደተነጋገርነው ገንዘብዎን መልሰናል።

አሁንም ልብስ አዛችሁ የምትጠብቁን አላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ እስከ ዓርብ ማታ እደውላለሁ፤ ልብሳችሁ የት እንደደረሰም እነግራችኋለሁ። ከዚህ በኋላ ከጳጉሜን 1 እስከ ጥቅምት 5 አዲስ የሽመና ትዕዛዝ አንቀበልም።»

ይሄ በእርጋታ ሲነገር ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ከዚያ በላይ አታስረዝሚው። ቪዲዮ ሲረዝም የሚጨመረው ሁሌ ሰበብ ነው። «ግብር፣ ኪራይ፣ የክር ዋጋ፣ መብራት» እያለ ይሄዳል። ሁሉም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ግን እዚህ አይደለም።

አንዳንድ ቃል ለምን እንደዚያ እንዳስቀመጥኩ ልንገርሽ። መግቢያው ላይ «ውድ ደንበኞቻችን» የለም፤ ሰው ጣቱን ሳያንሸራትት ቶሎ ወደ ነገሩ እንድትገቢ ነው። ሥራው ላይ «ተቀበልን፣ አስረከብን» ይላል፤ ጥፋቱ ላይ ሲደርስ ግን «እኔ» ይሆናል። «አጥፍተናል» ብትዪ ጥፋቱ ለሠራተኞችሽ ይከፋፈላል። ደግሞ «ቅር ካሰኘናችሁ» አትበዪ። አሰኝተሻቸዋል። «ካ» የሚለው ጥርጣሬ ይቅርታውን ያበላሸዋል።

እስከ ዓርብ ለሁሉም ደውለሽ መጨረስ የምትችዪ መሆንሽን አስቀድመሽ አስቢ። በእጅሽ ያሉትን ትዕዛዞች በወረቀት ላይ ዘርዝሪ፤ የትኛው ድሩ ተወጥሯል፣ የትኛው ጥለት ላይ ነው፣ የትኛው ጥልፍ ላይ ነው፣ የትኛው ስፌት ገብቷል። ስትደውዪም ልብሱ ያለበትን ፎቶ በቴሌግራም ላኪላቸው። ለጥር ሠርግ ያዘዘች ሰው መሸመኛው ላይ የተወጠረ ድር ካየች ቢያንስ ሥራው መጀመሩን ታምናለች። ዓርብ የማይደርስልሽ ከሆነ ሰኞ በዪ። በይቅርታ ቪዲዮ ላይ የተሰጠ ቀጠሮ ካለፈ ሁለተኛ ቪዲዮ ማንም አያይልሽም።

ቀረጻው ቀላል ነው። ስልክሽን አቁመሽ፣ ፊትሽን ወደ መስኮት አድርገሽ፣ በደረት ቁመት ተቀረጪ። ከኋላሽ ባዶ ግድግዳ ይሁን። የተሰቀሉ ቀሚሶች ከኋላሽ ካሉ ሰው «ጥልፉ ያምራል፣ ዋጋው ስንት ነው?» ማለት ይጀምራል፤ ደንበኛዋም ይህን ታያለች። ሙዚቃ አታስገቢ፤ ክራርም በገናም። ስፌት መኪናውን አስቁሚ፣ የታክሲ ጡሩንባ የሚሰማበት ሰዓት አትምረጪ። ንግግርሽን በአማርኛ ጽፈሽ ከታች አስገቢ፤ ታክሲ ውስጥ ድምፅ ዘግቶ የሚያይ ብዙ ነው። ዕንባ ቢመጣብሽ አቁሚና እንደገና ጀምሪ። ማልቀስሽ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ስታለቅሺ ግን ሰው አንቺን ማጽናናት ይጀምራል፤ መልሱ የተበላሸበት ቤተሰብ ይረሳል። ከወረቀት አታንብቢ፤ አንቀጽ አንቀጹን ለይተሽ ተቀረጪና ቀጥዪው፣ መቆራረጡ ቢታይ ችግር የለውም።

በቪዲዮው ላይ ቅናሽ አታውጂ። «ለይቅርታችን 20 በመቶ ቅናሽ» የሚል አንድ ሱቅ አይቻለሁ። በሌላ ሰው ሐዘን ገበያ እንደማፍላት ነው፤ ሰውም እንደዚያው ተረጎመው። ቪዲዮውን የሚለቅልሽ ታዋቂ ቲክቶከርም አትቅጠሪ።

ስትለቂው ኮሜንቱን አትዝጊ። ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ከላይ ፒን አድርጊው፣ ቴሌግራም ቻናልሽ ላይም አስቀምጪው። ለሚሰድብሽ ሁሉ አትመልሺ። «የኔስ ልብስ?» ለሚል ግን በስሙ መልሺለት፣ በዚያው ቀን ደውዪለት። «ልብሱ ምን ሆነ? ገንዘቡስ?» የሚል ጥያቄ ከበዛ ስክሪፕቱ ላይ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው፤ ራስሽ ኮሜንት ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሙዪው። «ሸማኔዎቹ ናቸው እኮ ያስቸገሩ» ብሎ የሚያግዝሽ ወዳጅም ይመጣል። ለሱም «አይደለም፣ ቀጠሮውን የሰጠሁት እኔ ነኝ» ብለሽ መልሺለት።

ደውለሽ ከተነጋገራችሁ በኋላ ያስተካከልሽውን ጽሑፍ እዚሁ ለጥፊው፤ አየዋለሁ።