ለከባድ የእንጨት በር ሞርቲስ ወይስ ሲሊንደሪካል ቁልፍ?

«ለቤታችን መግቢያ 45 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ድፍን የእንጨት በር አሠርተናል፤ ቁልፉ ገና አልተገጠመም። አናጢው በጠርዙ ውስጥ የሚቀበረው ሞርቲስ ይሻላል ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ሲሊንደሪካሉ ቶሎ ይገጠማል፣ እንጨቱንም አይጎዳም ትላለች። ከባድ በር ላይ ሁለቱንም የሞከረ ሰው ቢነግረኝ።»

በሩ ገና ያልተበሳ ከሆነ ሞርቲስ ያስገጥሙ። ይህን የምለው ሲሊንደሪካሉን በራሴ በር ላይ አራት ዓመት ተጠቅሜ ስለለወጥኩት ነው። ባለቤትዎ ግን የፈሩት ነገር እውነት ነው፤ ሞርቲስ ያለ ጥንቃቄ ከተቆፈረ በሩን ያበላሻል።

በመጀመሪያ ክብደቱን ያስሉት። ቁመቱ 2.1 ሜትር፣ ወርዱ 90 ሴንቲሜትር የሆነ 45 ሚሊሜትር መዝጊያ፣ እንጨቱ በኪዩቢክ ሜትር 700 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠንካራ ዓይነት ከሆነ፣ 60 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ክብደቱን የሚሸከሙት ማጠፊያዎቹ ናቸው። ሆኖም በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ያ ሁሉ ክብደት የሚሳበው በእጀታው ነው።

ሲሊንደሪካል ቁልፍ ሲገጠም በመዝጊያው ፊት ላይ 54 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ይበሳል፤ ከጠርዙ ደግሞ ለምላሱ 25 ሚሊሜትር ያህል ቀዳዳ ይወጣል። የውስጡና የውጭው እጀታ በሁለት ብሎኖች ተሳስበው እንጨቱን ከሁለት ወገን ቆንጥጠው ይይዙታል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሳሳል። ሲያብጥ በእጀታዎቹ ሳህኖች ይጨፈለቃል፣ ሲሳሳ ደግሞ መቆንጠጫው ይላላል። የእኔ በር እጀታ በሁለተኛው ዓመት መወላወል ጀመረ። አጠበቅኩት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ላላ። በመጨረሻ ስፈታው የእጀታው ሳህን ያረፈበት እንጨት ቀለበት ሠርቶ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ምላሱም የታችኛው ጎኑ ተፍቆ ያብለጨልጭ ነበር። ይህኛው ግን የቁልፉ ጥፋት አልነበረም። የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ላልተው መዝጊያው ሁለት ሚሊሜትር ያህል ወርዶ ስለነበር ምላሱ የመቃኑን ብረት እየፋቀ ነበር የሚገባው። በዚያ ማጠፊያ ላይ ከመቃኑ አልፈው ከኋላው ያለውን እንጨት የሚይዙ ረጃጅም ብሎኖች አስገባሁበት። ማጠፊያው ካልተስተካከለ የትኛውም ቁልፍ ቢገጠም ያው ይሆናል።

ሞርቲስ ሲሆን ምላሱና መቀርቀሪያው አንድ የብረት ሳጥን ውስጥ አብረው ይቀመጣሉ። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ በጠርዙ ውስጥ ይቀበራል፣ በፊት ሳህኑም በኩል ከላይና ከታች በብሎን ይያዛል። ስለዚህ ዋናው አካል የሚቆመው በእጀታዎቹ መቆንጠጥ ሳይሆን በተቀበረበት እንጨት ነው። እጀታው ቢላላ እንኳ መቀርቀሪያው ከቦታው አይነቃነቅም። የእኔ ከተለወጠ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ የማጠብቀው የእጀታውን ትንሽ ብሎን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ስጋት ልምጣ። የሳጥኑ ውፍረት 16 ሚሊሜትር ቢሆን ከ45ቱ 29 ይተርፋል፤ ይህም በእያንዳንዱ ጎን 14 ሚሊሜትር ተኩል እንጨት ማለት ነው፣ ይበቃል። በ35 ሚሊሜትር በር ላይ ግን የሚተርፈው ዘጠኝ ተኩል ብቻ ስለሆነ በዚያ ላይ ሞርቲስ አልመክርም። ከዚህ የሚብሰው የቦታው ጉዳይ ነው። በርዎ በቋሚና አግዳሚ ጣውላዎች የተገጣጠመ ከሆነ የመካከለኛው አግዳሚ ጥርስ ወደ ቋሚው ገብቶ ነው የሚይዘው። የአንድ ዘመዴን በር የሠራ አናጢ ሳጥኑን ልክ በዚያ ጥርስ ላይ ቆፈረው። ጥርሱ ተቆረጠ፤ ዓመት ሳይሞላ በቋሚውና በአግዳሚው መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ታየ። መጋጠሚያው የት እንዳለ አናጢውን አስቀድመው ይጠይቁት፤ ሳጥኑ ከእሱ በላይ ወይም በታች ይዋል።

ሲቆፍር የጠርዙን መካከለኛ መስመር በእርሳስ ያስምር፣ የሳጥኑን ውፍረት በሚያክል መሰርሰሪያ በመስመሩ ላይ ተከታታይ ቀዳዳዎችን ያውጣ፣ ጎኖቹን በመሮ ያስተካክል። ሳጥኑ በእጅ ግፊት ብቻ መግባት አለበት። በመዶሻ ካስገባው ሳጥኑ ይጣመምና መክፈቻው መያዝ ይጀምራል። የእጀታውንና መክፈቻው የሚገባበትን የሲሊንደር ቀዳዳ ከሁለቱም ፊት ቢበሳ እንጨቱ አይሰነጠቅም። ሲሊንደሩ ከውጭ ሳህኑ ከሦስት ሚሊሜትር በላይ እንዳይወጣም ይከታተሉ፤ ወጥቶ የሚታይ ሲሊንደር በጉጠት ተይዞ ይሰበራል።

መጋጠሚያውን መሸሽ ካልተቻለ ወይም በእጁ የሚተማመን አናጢ ከሌለ ባለቤትዎ እንዳሉት ሲሊንደሪካሉን ያስገጥሙ። ያን ጊዜ ግን 25 ሚሊሜትር የሚወጣ የተለየ መቀርቀሪያ ከላዩ ይጨምሩ፣ በሩን ለመሳብም ራሱን የቻለ መያዣ ያስገጥሙ።

ሥራው ሲያልቅ በሩ ክፍት ሆኖ መክፈቻውን ያዙሩት፣ ቀጥሎ ዘግተው ያዙሩት። ክፍት ሲሆን ቀሎ ሲዘጋ ከከበደ ሳጥኑ ደህና ነው፤ የሚስተካከለው የመቃኑ ብረት ነው። የት እንደሚነካ ለማወቅ የመቀርቀሪያውን ጫፍ ጠመኔ ቀብተው አንድ ጊዜ ይሞክሩት።