በግብር ዕዳ የታሸገ ቤት እንዴት ይከፈታል?

«ሰላም ለሁላችሁ። ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት አለኝ። ትናንት ጠዋት ስሄድ በግብር ዕዳ ታሽጎ አገኘሁት። ፍሪጁ ውስጥ ሥጋና አትክልት አለ። የተጻፈብኝን ብር በአንዴ መክፈል አልችልም። ከምን ልጀምር? ለእህታችሁ መላ በሉኝ።»

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም እዚሁ ሀዋሳ የሕንፃ መሣሪያ ሱቄ ታሽጎብኝ ያውቃል። ስምንት ቀን ዘግቼ ነው የከፈትኩት። በአራት ቀን ሊያልቅ ይችል የነበረ ነገር ነው፤ ያላወቅኩት ብዙ ስለነበር ነው የረዘመው።

ከሥጋው ልጀምር፣ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ማሸጊያውን በእጅሽ እንዳትነኪው። የኋላ በር ካለም በዚያ እንዳትገቢ። የመንግሥት ማሸጊያ መቅደድ ከግብሩ የተለየ የወንጀል ጉዳይ ነው፤ በዕዳሽ ላይ ሌላ ክስ ይጨምርብሻል። ዛሬውኑ አጭር ማመልከቻ ጻፊ። «የሚበላሽ ዕቃ አለኝ፣ ሠራተኞቻችሁ ባሉበት ተከፍቶ ላውጣ» ብለሽ ለታክስ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስገቢ። የጎረቤቴን ሥጋ ቤት በዚህ መንገድ ለግማሽ ሰዓት ከፍተውለት ዕቃውን አውጥቶ መልሰው አሽገውታል። በቃል ብቻ ከጠየቅሽ ግን ሁሉም ወደ ሌላ ቢሮ ይመራሻል።

ቀጥሎ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በስልክሽ ፎቶ አንሺ። የትኛው አዋጅና አንቀጽ እንደተጠቀሰ እዪ። ክልሎች የየራሳቸው የታክስ አስተዳደር አዋጅ አላቸው። በፌደራሉ አዋጅ ቁጥር 983/2008 ነገሩ አንቀጽ 45 ላይ ነው። እንደሱ ከሆነ ከመታሸጉ በፊት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ የሰባት ቀን ጊዜም አለው። እሽጉ ከ14 ቀን አይበልጥም። ዕዳው ሲከፈል ደግሞ ወዲያውኑ መነሳት አለበት። ማስጠንቀቂያው ካልደረሰሽ ለማን እንደተሰጠ፣ ማን እንደፈረመ ጠይቂ። የእኔን ተላላኪ ልጅ ፈርሞ ተቀብሎ ከደረሰኝ ጥራዝ ሥር አስቀምጦት ነበር።

«እንግዲያው 14 ቀን ጠብቄ ይከፈትልኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ተይው። ቤቱ ቢከፈትም ዕዳው አይሄድም። ቀጣዩ እርምጃ የባንክ ሒሳብ ማገድ ወይም ንብረት መያዝ ነው፤ እሱ ከእሽግ ይብሳል።

አሁን ዋናው ነገር። ገንዘብ ልትበደሪ ከመሮጥሽ በፊት የዕዳሽን ዝርዝር አውጪ። ቲን ቁጥርሽን ይዘሽ ወደ ዕዳ ክትትል ሂጂና ፍሬ ግብሩ፣ ወለዱና ቅጣቱ ተለያይቶ፣ የየትኛው ዓመትና የየትኛው የግብር ዓይነት እንደሆነ ተጽፎ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። አንድ ድምር ቁጥር ብቻ ከሰጡሽ ተቀብለሽ አትውጪ።

የእኔን ልንገርሽ። ወረቀቱ ላይ 108 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ደነገጥኩ፣ ከዘመድ ልበደር ተነሳሁ። ዝርዝሩን ሳወጣ ፍሬ ግብሩ 86 ሺህ ተብሏል። እኔ ግን ከዚያ ላይ 24 ሺህ ብር በወቅቱ ባንክ አስገብቻለሁ። ክፍያው የተመዘገበው በንግድ ትርፍ ግብር ሳይሆን በሌላ የግብር ዓይነት ሥር ነበር። የባንክ ደረሰኙን ዋናውንና ኮፒውን አያይዤ የማስተካከያ ጥያቄ አስገባሁ። በሁለተኛው ቀን ፍሬ ግብሩ ወደ 62 ሺህ ወረደ።

ፍሬው ሲወርድ ሌላውም አብሮ ይወርዳል፤ ብዙ ሰው ይህን አያስተውልም። ዘግይቶ የመክፈል ቅጣት የሚሰላው ካልተከፈለው ግብር ላይ ነው። ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ነው። ወሩ ባይሞላም እንደ ሙሉ ይቆጠራል። እኔ ደረጃ «ሀ» ስለሆንኩ መክፈል የነበረብኝ እስከ ጥቅምት 30 ነው። የታሸግኩት መጋቢት ላይ ነው። ስለዚህ አምስት ወር፣ 13 በመቶ። በ86 ሺህ ቢሆን 11,180 ብር ይሆን ነበር። በ62 ሺህ ግን 8,060 ብር ሆነ። ወለዱም በዚያው ልክ ቀነሰ። ወለድ የሚታሰበው ባንኮች በሚያበድሩበት ከፍተኛ ምጣኔ ላይ 15 በመቶ ተጨምሮ ስለሆነ በቆየሽ ቁጥር ይከብዳል። መጨረሻ ላይ ጠቅላላው 78 ሺህ ሆነ። 30 ሺህ ብር ከወረቀት ማገላበጥ ብቻ ተገኘ ማለት ነው።

ያንቺም እንዲህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ግን ያለፉትን ዓመታት ደረሰኞች ሳታመሳክሪ ምንም ነገር አትፈርሚ። ያልሽው ልክ ከሆነ ኮምፒውተራቸው ላይ ያለውን ያስተካክላሉ። ችግሩ የምዝገባ ስህተት ሳይሆን ግምቱ ራሱ በዝቶብሽ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ቅሬታ ነው። በፌደራሉ አዋጅ ውሳኔው ከደረሰሽ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል፣ የማትከራከሪበትንም ክፍል ቀድመሽ መክፈል አለብሽ።

ዕዳው ከጠራ በኋላ በአንዴ መክፈል ካልቻልሽ የክፍያ ስምምነት ጠይቂ። በጽሑፍ፣ ለምን እንዳልቻልሽ ከማስረጃ ጋር። እኔ የሦስት ወር የባንክ እንቅስቃሴና የቤት ኪራይ ውሌን አያያዝኩ። ዝም ብሎ «አቅም የለኝም» ከማለት ይህ ይሻላል። 30 ሺህ ቅድሚያ ከፍዬ የቀረውን 48 ሺህ በአራት ወር፣ በየወሩ 12 ሺህ፣ ልከፍል ፈረምኩ። የምትችይውን ብቻ ፈርሚ። አንድ ወር ካሳለፍሽ የቀረው ዕዳ ሁሉ በዚያው ቀን የሚከፈል ይሆናል። ክፍያው ተከፋፍሎልሻል ማለት ደግሞ ወለዱ ቆሟል ማለት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የምትሰጪው ገንዘብ በዛ ያለ ቢሆን ለራስሽ ይጠቅማል።

እኔ ቀናት ያቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። 30 ሺውን ባንክ ከፍዬ «በቃ ይከፍቱልኛል» ብዬ ቤት ገባሁ። ማንም አልመጣም። ለካ ደረሰኙን ራሴ ወስጄ ከፋይሌ ጋር ማያያዝ ነበረብኝ። ከዚያ ማሸጊያው እንዲነሳ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ያሸገው ቡድን ራሱ መጥቶ ይከፍታል። ቡድኑ መስክ ላይ ከሆነ ቀን ያልፋል። ስለዚህ ደረሰኙን በጠዋት አድርሺ፣ ደብዳቤው ወጪ ሆኖ ቁጥር እስኪያገኝ አትነሺ፣ የሚመጣውን ሰው ስልክም ተቀበዪ። ሲከፍቱ ዕቃሽን አብረሽ እዪ። ማሸጊያው ስለመነሳቱ የተፈረመውን ወረቀት ኮፒ ያዢ፤ የሰፈሩ ደንብ አስከባሪ ሊጠይቅሽ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቫት ውስጥ ካለሽ ቤቱ ተዘግቶም ቢሆን የወሩን ማስታወቂያ በጊዜው አስገቢ። ሽያጭ ከሌለ ዜሮ ብለሽ። እኔ «ዝግ ነበርኩ» ብዬ ትቼው፣ ከተከፈትኩ ከሁለት ወር በኋላ ባለማስታወቅ አዲስ ቅጣት መጣብኝ።

ዝርዝሩን አውጥተሽ ግራ ያጋባሽ ቁጥር ካለ ስምሽንና ቲንሽን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው፤ አብረን እናየዋለን።