720 ኸርዝ አያታልልህ

«ፐብጂ ነው የምጫወተው። 720 ኸርዝ ታች ሳምፕሊንግ፣ ፋንና የትከሻ ትሪገር ያለው ጌሚንግ ስልክ ልግዛ ወይስ በዚሁ ብር ደህና ኖርማል ስልክ ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ከሁለት ዓመት በፊት እኔም እዚሁ ጥያቄ ላይ ነበርኩ። የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ብሬን አፈሰስኩ።

1. ለ720ው ብለህ ብር አትጨምር። እኔ የተሸወድኩት እሱ ላይ ነው። ቁጥሩ ስክሪኑ ጣትህን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚፈትሽ ነው የሚናገረው። 240 ኸርዝ ያለው ኖርማል ስልክ በየ4 ሚሊሰከንዱ ይፈትሻል። 720ው በየ1.4። ልዩነቱ 3 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። የኔ ፒንግ ደግሞ ቤት ዋይፋይ ላይ ከ120 ሚሊሰከንድ ወርዶ አያውቅም። አዲሱን ስልክ ይዤ የገባሁ ቀን ማታ ያው እንደ ድሮው ቀድመው ይጥሉኝ ነበር። በጣም ነው የተናደድኩት። መጀመሪያ ፒንግህን እይ።

2. ፋኑ ግን የእውነት ነው። ድሮ ስልኬ ላይ የመጀመሪያው ጌም 60 ፍሬም ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ ስልኩ ይግላል፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ፍሬሙ 40 ይገባል፣ ስክሪኑም ይደበዝዛል። ፋን ባለው ሁለት ሰዓት ስጫወት 60ው ንቅንቅ አላለም። በዚህ አልጸጸትም።

ችግሩ አቧራ ነው። ፋኑ ውስጡ የተገጠመ ስልክ አየር የሚስብበት ቀዳዳ አለው። የኛ ሰፈር መንገድ ሲቆፈር ከርሞ ነበር። በስምንተኛው ወር ፋኑ መንጫጫት ጀመረ፣ ከዚያ በ15 ደቂቃ ውስጥ ፍሬሙ ይወርድ ጀመር። የገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የዚህ ዕቃ የለንም፣ አንነካውም» አለኝ። ያንን ሁሉ ብር የቆጠርኩለት እሱው ነው! ሌላ ጠጋኝ ከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ሲጠርገው ዳነ። አሁን ቀዳዳውን በየሳምንቱ እጠርጋለሁ፤ ስጫወት አልጋ ላይ አላስደግፈውም፤ ዝናብ ላይም አላወጣውም። ሬድማጂክ ፋኑን ውስጡ ነው የሚያደርገው፣ የአሱስ ሮግ ስልክ ግን ከውጭ የሚለጠፍ ነው። አቧራ ያለበት ሰፈር ከሆንክ የሚለጠፈው ይሻልሃል። እሱን የመሰለ ኩለር ለኖርማል ስልክም ይሸጣል።

ትሪገሩን ወድጄዋለሁ። የመተኮሻውን በተን ቦታ ትሰጠዋለህ፣ በሌባ ጣትህ ስትነካው ስክሪኑን የነካህ ያህል ይቆጥረዋል። አውራ ጣቴ ማነጣጠሩን ሳይለቅ መተኮስ ስለቻልኩ በሳምንት ውስጥ በቅርብ ፍልሚያ ከስኳዳችን አንደኛ ሆንኩ። በአራት ጣት መጫወት ከለመድክ ግን ብዙ አይጨምርልህም።

በቀን አንድ ሁለት ጌም ብቻ ከሆነ ኖርማሉን ግዛ። ማታ ማታ ሰዓታት የምትቆይ ከሆነ ጌሚንጉን ያዝ፤ ግን ብር ከመክፈልህ በፊት ሱቁ ውስጥ 30 ደቂቃ ተጫወትበት፣ የፋኑ መለዋወጫ እንዳላቸውም ጠይቅ።